አሥረኛው መስመር

ልብስ ሰፊ ሆና መርፌ የምትፈራ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። መርፌ ጣቴን ሳይወጋኝ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ደሙን መጥጬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው መርፌ ይዞ ሲመጣ ግን መሸሻ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጃችንን ስወልድ የጮኽኩት በምጡ ሳይሆን በመርፌው ነው እያለ እስኪሞት ድረስ ይስቅብኝ ነበር። ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ ፈርታ፣ የታዘዘላትን ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ በር በሩን ለምታይ እህት ነው። ወንዶችም አትሸሹ፤ የእናንተ ፍርሃት ከእኛ ይብሳል።

ሕመሙ የጀመረኝ ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ለእኛ የሰፊዎች ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቀሚስና ሱሪው ከጣሪያ እኩል ይከመራል። ውኃ ይጠማኝ ጀመር። አንድ ጆግ ጠጥቼ ማሽኑ ላይ ሳልቀመጥ ሌላ ያምረኛል። የጠጣሁትን ያህል ደግሞ ወደ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። የሰው ልብስ ሳጠብብ የራሴ ቀሚስ ሰፋኝ። ጎረቤቴ ዘነበች «አምሮብሻል፣ ምን እየበላሽ ነው?» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ እስካሁን ያስቀኛል። ያስደነገጠኝ ዓይኔ ነው። አንድ ቀን ክር ላስገባ ብል የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ አንዱን ስሞክር የሌለው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስደው «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። የእኛ አገር ታይፎይድ መቼም ለሁሉም ይደርሳል። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ጥሙ ባሰብኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብለው ሌላ ኪኒን ሰጡኝ፤ እሱንም ጨረስኩ። በሦስተኛው ጊዜ ሆስፒታል ሄድኩ። ተራ ስጠብቅ ወንበሩ ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ከቱላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና «ተቀመጪ ልጄ፣ አንቺ ከእኔ ይልቅ ደክሞሻል» አሉኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ለሆናት ሴት «ልጄ» ማለታቸው ከመድኃኒት በላይ ደስ አለኝ። እዚያ አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጣቴን ወጋ አድርጋ ጠብታዋን ትንሽ ማሽን ላይ አስነካች። ማሽኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «እማማ፣ ብቻዎን ነው የመጡት?» አለችኝ። ስኳሬ ከአራት መቶ በላይ ነበር።

ዓመት ከምናምን በኪኒን ቆየሁ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ መሃል ላይ አቋርጬዋለሁ። ዘነበች ስኳር ያወርዳል ብላ የሽፈራው ቅጠል አድርቃ ስትሰጠኝ፣ ቅጠሉን እየጠጣሁ ኪኒኑን ረሳሁት። ዘነበች ክፋት የላትም፣ ያላትን ነው የሰጠችኝ። ጥፋቱ ኪኒኑን የተውኩት የእኔ ነው። እንደገና ስለካ ስኳሬ እንደወጣ ነበር፤ ኪኒኑን ብጀምርም፣ ቢጨመርልኝም አልወረደም። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ «ቆሽትዎ ኢንሱሊን የሚያመርት ፋብሪካ ነው እንበል፤ ደክሟል። ያጎደለውን እኛ ከውጭ እንሙላለት» አለኝ።

እኔ የሰማሁት ግን «መርፌ» የሚለውን ብቻ ነው። ኢንሱሊን የጀመረ ሰው አለቀለት ሲባል ነበር የምሰማው። እዚያው አለቀስኩ። ሐኪሙ ይህ ወሬ ሰዎች መርፌውን እስከመጨረሻው ድረስ ስለሚሸሹት የመጣ ነው፣ ቀድመው የጀመሩት ደህና ይኖራሉ ብሎ አስረዳኝ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት አሥር ዩኒት አዘዘልኝ። ዩኒት ማለት የኢንሱሊን መለኪያ ነው፤ ለእኛ ሜትር እንደሆነው ለእነሱ ዩኒት ነው። ነርሷ ስድስት ሆነን በተቀመጥንበት በአንድ ጊዜ አሳየችን። እሷ ስታሳይ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «ገባዎት እናቴ?» ስትለኝ «በደንብ» አልኳት።

ብልቃጡ ዘነበች ቤት ፍሪጅ ገባ፣ የእኔ ፍሪጅ ስለማይሠራ። በረዶ ከሚሠራበት ሣጥን ውስጥ እንዳይገባ ብላለች ነርሷ፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበች «ላምጣልሽ?» ትለኛለች፣ እኔ «ነገ» እላታለሁ።

ልጄን ላስተዋውቃችሁ። ማቴዎስ ይባላል፤ ሌላ የለኝም። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሰው ጋር ሱቅ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «መርፌው እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደህና ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው» አልኩት። ማቴዎስ ሲቆጣ አይጮህም፤ እንደ አባቱ ድምፁ ይቀንሳል።

«እማ፣ ስኳርሽ በዚህ ከቀጠለ ዓይንሽን ነው የምታጪው። ዓይንሽ ከጠፋ ምን ትሰፊያለሽ?»

«ዘነበች የምታውቃት ነርስ አለች፣ እሷ ትወጋኝ።»

«በየቀኑ? ዕድሜ ልክሽን? ነገ ጠዋት በእናንተ አንድ ሰዓት፣ በእኛ አሥራ ሁለት ላይ እደውላለሁ። ሳትበዪ ጠብቂኝ። እዚህ አንድ መርፌ ገዝቼያለሁ፤ በእጄ ይዤ ደረጃ በደረጃ አሳይሻለሁ።»

እንዴት እንዳሳየኝ ከመንገሬ በፊት፣ የሚጨነቅ አንባቢ ካለ ይረጋጋ፦ ዛሬ ስኳሬ ሐኪሙ በሚፈልገው ልክ ነው፣ ክርም ያለ ማጉያ አስገባለሁ። አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ስልኩን የስፌት ማሽኑ ላይ ክር ያለበት ሣጥን ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ዘነበች ብልቃጡን አምጥታ ሰጠችኝና «እኔ ደም ማየት አልችልም» ብላ በረረች። ደም የለውም ብላት ማን ይሰማኛል። ማቴዎስ ፊቱ ትንሽ ታየና ቪዲዮው አገጩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

«አገጭህን እያየሁ ነው። አልተላጨህም።»

«ተዪው፣ ድምፄን ስሚኝ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«ስኳርሽን ለኪ። ስኳርሽን ሳታውቂ መርፌ አትንኪ።»

ከእሱ በተላከልኝ መለኪያ ጣቴን ወጋሁና ለካሁ፤ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት። «መወጋት ይቻላል» አለ። ዝቅተኛ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መብላትና ሐኪም መጠየቅ ይኖርብኝ ነበር።

«ብልቃጡን እዪው። ነጩ ታች ረግቷል?»

«ረግቷል፤ ከላይ ውኃ ይመስላል።»

«አትነቅንቂው። በመዳፎችሽ መሃል አድርገሽ አሽከርክሪው፣ ሃያ ጊዜ። የመዳፍሽ ሙቀትም ይጠቅመዋል፤ ቀዝቃዛውን ከወጋሽው ያቃጥላል።»

ማሽከርከር ለእኔ ምን አላት፣ የክር ቡቢን ሳሽከረክር ነው የኖርኩት። ነጩ ከውኃው ጋር ተዋሐደ።

«ወተት መሰለ?»

«የሚሸጡልን ዓይነት፣ ውኃ የገባበት።»

ሳቀ። «ጓጓላ የለውም? ከታች የቀረ ነጭ የለም? ጥሩ። የጎማ ክዳኑን በአልኮል ጥጥ ጥረጊና ይድረቅ። አሁን መርፌውን ክፈቺ። መጀመሪያ የምትስቢው አየር ነው።»

«አየር ለምን?»

«የምታወጪውን ያህል አየር ካላስገባሽ ብልቃጡ መድኃኒቱን ይዞ እምቢ ይላል። አየሩን ግፊበት፣ ከዚያ ብልቃጡን ገልብጪውና መድኃኒቱን ሳቢ። አሥር ድረስ።»

«ቁጥሩ አይታየኝም፣ ደቃቃ ነው።»

«ግድ የለም፣ ቁጥሩ ካልታየሽ መስመሩን ቁጠሪ። ከዜሮ ጀምረሽ አሥር መስመር።»

መስመር መቁጠር ሥራዬ ነው። አየሩን አሥር መስመር ስቤ ብልቃጡ ውስጥ ገፋሁት፤ ብልቃጡን ገልብጬ መድኃኒቱን አሥር መስመር ሳብኩ። አረፋ ገብቶ ነበር፤ «በጥፍርሽ መታ መታ አድርጊው፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ መልሰሽ ወደ ብልቃጡ ግፊው፣ እንደገና ሳቢ» አለኝ። አደረግሁ። እንደገና ቆጠርኩ፤ አሥር።

«በቃ፣ ንቀዪው» አለኝ።

እኔ ግን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አንሥቼ አላውቅም። ሁለተኛውን ደግሞ በሌላ ዓይን ነው የምለካው። «ቆይ» አልኩትና፣ ብልቃጡ ላይ እንደተሰካ ይዤው ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ክር የማስገባበትን ማጉያ አንሥቼ ቁጥሮቹን ፈለግኋቸው።

«ማቴ፣ ጥቁሩ ጎማ የቆመው አሥር ላይ አይደለም። አሥርን አልፌዋለሁ። ሃያ ይላል።»

«አይልም። አሥር መስመር አይደል የቆጠርሽው?»

«አሥር ነው የቆጠርኩት። አሥር የሚለው ቁጥር ግን አምስተኛው መስመር ላይ ነው ያለው።»

«እንዴት ይሆናል? እኔ ሁልጊዜ አሥረኛው መስመር ላይ ነው የማቆመው፣ አንድ ቀን ተሳስቼ አላው...» አለና ቃሉን ዋጠው። «እማ፣ አትንኪው። መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?»

«መቶ።»

«ጌታ ሆይ። የእኔ መጨረሻው ሃምሳ ነው። የእኔ አንዱ መስመር አንድ ዩኒት ነው፤ ያንቺ አንዱ መስመር ሁለት ነው። አሥር መስመር ስትቆጥሪ ሃያ ዩኒት ሳብሽ። እጥፉን ላስወጋሽ ነበር!»

እጥፉን መውጋት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይወርዳል፤ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ዝም ከተባለም ሰው ራሱን ይስታል። ብቻዬን ቤት ውስጥ። እናንተም ስሙኝ፦ መርፌው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሜትራችሁን ሳታውቁ አትለኩ። መስመሩን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። ዓይናችሁ እምቢ ካለ የሚያይ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡ።

«አታልቅስ» አልኩት፤ እያለቀሰ እንደሆነ ሳላየው አውቄያለሁ። «ምን ላድርግ፣ ንገረኝ።»

«ቀስ አድርገሽ መልሰሽ ወደ ብልቃጡ ግፊው፣ አሥር የሚለው ቁጥር ላይ እስኪደርስ። በማጉያው እያየሽ።»

ገፋሁት። ጥቁሩ ጎማ አሥር ላይ ቆመ። «ቁጥሩን አንብቢልኝ» አለኝ፣ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ነቀልኩት።

ቀሚሴን ገለጥኩ። ከእምብርቴ ሁለት ጣት ያህል ርቄ ቆዳዬን በሁለት ጣቴ ቆነጠጥኩ፤ ሥጋው ላይ እንዳይደርስ ቆዳውና ስቡ ብቻ ነው የሚያዘው። መርፌውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ ቆምኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ እሰማለሁ። መርፌዋ ከምሰፋባት እንኳ ትቀጥን ነበር። ግን እጄ የእኔ አልነበረም።

«እማ።»

«አልችልም ማቴ። ይቅር።»

«ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ» አለኝ በዚያ በቀነሰ ድምፁ። «ቀስ ካልሽ ያምሻል፤ ቶሎ ካልሽ አታውቂውም። ወፍራም ጨርቅ ስትወጊ እንደምታደርጊው። ቁልፍ እንደምትተክዪ አስቢው። የእኔን የደንብ ልብስ ቁልፍ።»

ወጋሁት። አላመመኝም አልልም፤ ትንኝ ከሚነክሰው አይብስም ግን። ለዚህ ነው ሦስት ቀን የጠፋው? «ገባ» አልኩት። «እስከ ታች ግፊው። አሁን አትንቀዪ፣ አሥር ቁጠሪ፣ መድኃኒቱ ተመልሶ እንዳይወጣ።» አብሮኝ ቆጠረ። አሥር ስንል ነቀልኩት። «አትሺው። መርፌውን ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጣዪው። ነገ ደግሞ ከዚያው ቦታ ላይ አትውጊ፣ ትንሽ ራቅ በዪ፤ አንድ ቦታ ከደጋገምሽ ቆዳው ይጠነክርና መድኃኒቱን አይቀበልም።»

ይህን ሁሉ ሲናገር እጄ ሥራውን ይሠራል፣ ጆሮዬ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አንዲት ቃል ይዛኝ ነበር። ሁልጊዜ። እኔ ሁልጊዜ አሥረኛው መስመር ላይ ነው የማቆመው ብሏል። ትናንት የተገዛ መርፌ ሁልጊዜ የለውም። ቀዝቃዛው እንደሚያቃጥል፣ አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው እንደሚጠነክር ማን ነገረው?

ግማሽ ሰዓት ጠብቄ እንቁላልና ዳቦ እስክበላ ስልኩን አልዘጋም ብሎ አብሮኝ ቆየ። ሱቁን ገና አልከፈተም። ስኳር ያለበት ብርጭቆ ውኃ አጠገቤ እንዳስቀምጥ፣ ካላበኝና ከተንቀጠቀጥኩ እንድጠጣው ነገረኝ። ዳቦዬን ጨረስኩ።

«ማቴዎስ።»

«አቤት እማ።»

«መርፌ ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?»

ምን ማለትሽ ነው አላለኝም።

«አራት ዓመት» አለ።

ሰሐኑን ገፋሁት። አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ደውሏል፤ ደህና ነኝ ብሏል፤ እኔም ከስተሃል ስለው ሥራ ነው ብሏል። ተቆጣሁ። የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ እናት የምትለው ነው። እንደማልተኛ ያውቅ ነበርና ነው የደበቀኝ። ብነግርሽ ማሽንሽን ሸጠሽ ትመጪ ነበር አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እመጣ ነበር።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ማን አሳየህ?» አልኩት።

«ወረቀት ሰጡኝ፣ በሥዕል። ሱቁ ጓዳ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት መርፌውን ይዤ ተቀመጥኩ እማ። ደንበኛ በሩን ይመታል፣ እኔ አልከፍትም።»

«አብሮህ የቆጠረ ሰው የለም?»

«ማን ይኖራል።»

ሳልቆጥርለት ያለፈውን ጠዋት ሁሉ አሰብኩ። በሕመሜ ሁሉ ያለቀስኩት ለራሴ ነበር፤ ያኔ ግን ራሴን ረሳሁት።

«የዛሬውን ወጋህ?»

«ገና ነኝ። አንቺን ልጨርስ ብዬ።»

«በል አሁን ውጋ። ስልኩን አትዝጋ።»

«እማ፣ እኔ እኮ ለምጄዋለሁ።»

«ውጋ አልኩህ።»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ብልቃጡ መዳፉ ውስጥ ሲሽከረከር ጣቱ ላይ ካለው ቀለበት ጋር ኳ ኳ ይላል። ቁጥሩን አንብብልኝ አልኩት፤ ሳይከራከር አነበበልኝ። ሸሚዙን ሲገልጥ ሰማሁ።

«ገባ» አለ።

«አትንቀል» አልኩትና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩለት።